ቮላኖው ስንት ኪሎ ይሁን?

ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት አርጆን ያገኛል። አርጆ ላይም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የብረታ ብረት ቤቶች የሚሠሩት ሥራ ይመሳሰላል። በርና መስኮት፣ የጣሪያ ብረት፣ የምሰሶ መቆሚያ ሰሌዳ ይሠራሉ፤ የተሰበረ የእርሻና የወፍጮ ዕቃ ይጠግናሉ። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ብዙ ሰዓት የሚበላው ወፍራም ላሜራ መብሳት ነው። ስድስት ሚሊ ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ ሃያ ሚሊ ስፋት ያለው ቀዳዳ በድሪል ማውጣት መሰርሰሪያ ያደነዝዛል፣ ሠራተኛ ያደክማል። አንድ ሰሌዳ አራት ቀዳዳ ካስፈለገው፣ መቶ ሰሌዳ የታዘዘለት ባለሙያ ፓንች ፕሬስ ለመሥራት ማሰቡ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቮላኖው ስንት ኪሎ ይሁን?

ጥያቄው ለሦስት ዓይነት ሰው ሲቀርብ ሦስት ዓይነት መልስ ያገኛል። የጋራዥ ሰው «በከበደ ቁጥር ይሻላል» ይላል። ከመጽሐፍ የተማረው ሰንጠረዥ ገልጦ አንድ ቁጥር ያወጣል። የኤሌክትሪክ ሰው ደግሞ ቮላኖውን ትቶ የሞተሩን ታርጋ ያነባል። ሦስቱም የእውነቱን አንድ አንድ ወገን ይዘዋል። የእኔ አቋም ግን ጥያቄው ራሱ ከኪሎ መጀመር የለበትም የሚል ነው። የቮላኖ መጠን የሚወሰነው ቀዳዳው በሚበላው ኢነርጂ፣ ቮላኖው በሚዞርበት ፍጥነትና ሞተሩ ሳይቆጣ ዙሩን ሊቀንስ በሚችለው መጠን ነው። ኪሎው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው ያንሳል።

ከቀዳዳው እንነሳ። ሃያ ሚሊ ስፋት ያለው ክብ ዙሪያው 62.8 ሚሊሜትር ነው። በስድስት ሚሊ ውፍረት ሲባዛ ፓንቹ የሚቆርጠው ብረት 377 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ተራ ለስላሳ ብረት ለመቆረጥ በካሬ ሚሊሜትር ወደ 350 ኒውተን ይጠይቃል። ስለዚህ ፓንቹ ወደ 132 ሺህ ኒውተን መግፋት አለበት፤ አሥራ ሦስት ተኩል ቶን ያህል ማለት ነው። ይህ ግፊት ግን ከላይ እስከ ታች እኩል አይዘልቅም። ፓንቹ ላሜራው ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ያድጋል፣ ጫፍ ይደርሳል፤ ብረቱ ከውፍረቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ሲቆረጥ የቀረው ይሰነጠቅና ግፊቱ በድንገት ይወድቃል። በዚህ የተነሳ የቆረጣው ኢነርጂ ከፍተኛው ግፊት በሙሉ ውፍረቱ ተባዝቶ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ነው ብሎ ማስላት የተለመደ ነው። ለዚህ ቀዳዳ ወደ 400 ጁል ይወጣል። በኩሽኔታው፣ በማንሸራተቻውና በጥርሱ ሰበቃ የሚጠፋው ሲጨመር 500 ጁል እንያዝ።

አምስት መቶ ጁል ትንሽ ነው። አምሳ ኪሎ የሚመዝን ጆንያ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ችግሩ ያለው ኢነርጂው በሚፈለግበት ቅጽበት ላይ ነው። ፕሬሱን የሚገፋው ኮሎ በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ይዙር እንበል፣ በየሰከንዱ አንድ ምት። የፕሬሱ ራስ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው አምሳ ሚሊ ይሁን። ፓንቹ የታችኛው ጫፍ ላይ ለመድረስ ሰባት ሚሊ ሲቀረው ላሜራውን ይነካል፣ አንድ ሚሊ ሲቀረው አልፎት ይጨርሳል። ይህ ከአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ 28 ዲግሪ ያህል ነው፤ በጊዜ ሲለካ ከአንድ ሰከንድ አሥራ ሦስተኛው ገደማ። አምስት መቶው ጁል በሙሉ የሚፈለገው በዚያች ቅጽበት ነው። በቀሪው ዙር ፕሬሱ ከሰበቃ በስተቀር ምንም አይጠይቅም። በቁጥር ሲቀመጥ፣ በቆረጣው ሰዓት አማካዩ ጉልበት ስድስት ኪሎዋት ተኩል ነው፤ ግፊቱ ጫፍ በሚደርስበት ቅጽበት ደግሞ ወደ አሥራ አምስት ኪሎዋት ይወጣል። በሙሉ ሰከንዱ ላይ ሲካፈል ግን ግማሽ ኪሎዋት ብቻ ነው። አሥራ አምስት በአንድ ወገን፣ ግማሽ በሌላው ወገን። የቮላኖ ሥራ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማስታረቅ ነው።

ያለ ቮላኖ የሚሠሩ መንገዶችም አሉ። የመጀመሪያው አሥራ አምስት ኪሎዋት ሞተር መግዛት ነው። በ380 ቮልት ሲሠራ ሠላሳ አምፔር ያህል የሚስብ ሞተር፣ ለእሱ የሚሆን ኬብልና ኮንታክተር ያስፈልጋል ማለት ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ከሰከንዱ ለአሥራ ሦስተኛው ብቻ ስለሆነ ብክነት ነው፤ በየምቱም የሠፈሩ አምፖል ይርገበገባል። ሁለተኛው መንገድ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ነው፤ ይህ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። ሃይድሮሊክ ጊዜን ያራዝማል። ፓንቹን በሰከንድ አምስት ሚሊ ብቻ ካስኬደው አሥራ ሦስት ተኩል ቶኑን ከአንድ ኪሎዋት ባነሰ ጉልበት ይገፋል። ቮላኖ አያስፈልገውም፤ በምቱ በየትኛውም ቦታ ላይ ሙሉ ግፊት ይሰጣል። ግን ዝግተኛ ነው፤ ጎማው ሲያፈስና ፓምፑ ሲደክም መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይጠበቃል። በቀን ሃያ ሠላሳ ወፍራም ቀዳዳ ለሚበሳ ቤት ሃይድሮሊኩን እመክራለሁ። መቶዎችን ለሚበሳ ግን አልመክርም። ሦስተኛው መንገድ በትልልቅ ፋብሪካዎች እየገባ ያለው ሰርቮ ፕሬስ ነው። እሱ ደግሞ ኢነርጂውን በኤሌክትሪክ ካፓሲተር ያጠራቅማል፤ ቮላኖው በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ለአርጆ ሱቅ የሚሆን ዋጋ የለውም።

ቮላኖ የሚሠራውን እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል። የእንዝርት ዘንግ ላይ የተሰካው ክብ ነገር ለጌጥ የተሰካ አይደለም። ጣት አንድ ጊዜ ከጠመዘዘው በኋላ እጅ ጥጡን ሲስብ እንዝርቱ እንዳይቆም የሚያደርገው እሱ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለአንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ትልልቅ መንኮራኩሮችም እንዲሁ ናቸው። እዚያ ላይ ግን ልብ የሚባል ልዩነት አለ። የናፍጣው ሞተር ራሱ የሚሰጠው ጉልበት ይቆራረጣል፣ ወፍጮው ግን እኩል ይጠይቃል። ፓንች ፕሬስ ተቃራኒው ነው፤ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እኩል ይሰጣል፣ ሥራው ነው የሚቆራረጠው። ስለዚህ የወፍጮ ሞተር ቮላኖ የተመጠነበትን ልክ ወስዶ ፕሬስ ላይ ማድረግ ትክክል አይሆንም። ወፍጮው እኩል መዞር ይፈልጋል። ፕሬሱ ግን ዙሩ ካልቀነሰ ቮላኖው ምንም አይሰጠውም፤ ቮላኖ የያዘውን ኢነርጂ የሚለቀው ፍጥነቱ ሲወርድ ብቻ ነውና።

የስሌቱ ልብ እዚህ ላይ ነው። በቆረጣው ቅጽበት ሞተሩ የሚያዋጣው ከአርባ ጁል አይበልጥም፤ ቀሪውን 460 ጁል ቮላኖው ይሰጣል። የሚሰጠው መጠን እንዲህ ይጻፋል፦

ΔE = I × C × ω²

ΔE ቮላኖው የሚለቀው ኢነርጂ ነው። I ቮላኖው ለመዞርም ሆነ ለመቆም የሚያሳየው እምቢተኝነት ነው፤ ከክብደቱና ክብደቱ ከመሃል ከራቀበት ርቀት ይወጣል። ω የመዞር ፍጥነት ነው። C ደግሞ ፍጥነቱ ከላይ ወደ ታች እንዲዋዥቅ የተፈቀደለት ድርሻ ነው፤ ከ315 ወደ 285 ዙር ቢወርድ አማካዩ 300፣ ልዩነቱ 30፣ ስለዚህ C 0.1 ይሆናል። መጻሕፍት ለየማሽኑ የሚመች C ይሰጣሉ። መብራት ለሚያመነጭ ሞተር 0.003 አካባቢ ነው፤ አምፖል መርገብገብ የለበትምና። ለዱቄት ወፍጮ 0.02 ገደማ፣ ለፓንችና ለመቁረጫ ከ0.1 እስከ 0.15፣ ለድንጋይ መፍጫ እስከ 0.2 ይደርሳል። አሥር ከመቶ የፍጥነት መዋዠቅ ማለት ቮላኖው ከያዘው ኢነርጂ ሃያ ከመቶውን ይለቃል ማለት ነው፤ ኢነርጂ በፍጥነት ካሬ ስለሚሄድ።

አሁን ፍጥነት የሚያደርገውን እንይ። ቮላኖው ቀጥታ ኮሎው ላይ በደቂቃ ስድሳ ዙር ቢዞር፣ ሰባ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ክብደቱ በሙሉ ጠርዙ ላይ የሆነ ቮላኖ ወደ 950 ኪሎ መመዘን ነበረበት። ያንኑ ቮላኖ በጥርስ አምስት እጥፍ ፈጥኖ በሚዞር ዘንግ ላይ፣ በ300 ዙር፣ ስናስቀምጠው 38 ኪሎ ይበቃል። አምስት እጥፍ ፍጥነት ክብደቱን በሃያ አምስት አካፈለው። «በከበደ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አባባል የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ከባድ ቮላኖ ለኩሽኔታው ሸክም፣ ለባለቤቱም ወጪ ነው።

ታዲያ ለምን ይበልጥ አናፈጥነውም? ለምን የሞተሩ ዘንግ ላይ በ1450 ዙር አናደርገውም? ስሌቱ ይፈቅዳል፤ ሠላሳ ሴንቲሜትር ስፋት፣ 18 ኪሎ ክብደት ያለው ድፍን ክብ ይበቃ ነበር። ችግሩ ቺንጋው ነው። ቮላኖው ከቺንጋው በስተሞተር በኩል ከሆነ አሥራ አምስቱ ኪሎዋት በቺንጋው ውስጥ ያልፋል፤ ቺንጋውም ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ ይበጠሳል። ቮላኖ ያለበት ቦታ ከቺንጋው ወዲህ፣ በፕሬሱ በኩል መሆን አለበት። ብዙ የፋብሪካ ፕሬሶች ላይ ቮላኖውና ትልቁ ፑሊ አንድ ዕቃ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ቺንጋው የሚያስተላልፈው የሞተሩን እኩል ጉልበት ብቻ ይሆናል።

ጊዛ አፍስሶ ጠርዘ ከባድ ቮላኖ ማሠራት በአርጆ ቀላል አይደለም። ድፍን ክብ ግን ከወፍራም ሰሌዳ ተቆርጦ በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል። ድፍን ክብ ክብደቱ እስከ መሃል ስለሚበተን እኩል ሥራ ለመሥራት የጠርዙን ቮላኖ ሁለት እጥፍ መመዘን አለበት፦ 76 ኪሎ። ሰባ ሴንቲሜትር ስፋት ላለው የብረት ክብ ይህ ልክ ሃያ አምስት ሚሊ ውፍረት ነው። ጠርዙ ላይ የቺንጋ ቦይ ከወጣለት ፑሊም ይሆናል። በ300 ዙር የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ አሥራ አንድ ሜትር ነው፤ ለጊዛ እንኳን ከሚፈራው 25 እና 30 ሜትር በእጅጉ ያነሰ።

ከአሮጌ ጭነት መኪና የተፈታ ቮላኖ ለመጠቀም የሚያስብ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ልንገራችሁ። አርባ ሴንቲሜትር ስፋትና 35 ኪሎ ክብደት ያለው የመኪና ቮላኖ I ወደ 0.7 ነው። እኛ የምንፈልገው 4.7 ነው። በእጅ ሲያነሱት የከበደው ዕቃ በ300 ዙር ከሚፈለገው አንድ ሰባተኛውን ብቻ ይሰጣል። የጎደለውን ለመሙላት በ780 ዙር ገደማ መዞር አለበት፤ ያኔ ደግሞ እስከ ኮሎው ድረስ ዙሩን ወደ አሥራ ሦስተኛ ማውረድ ስለሚያስፈልግ ሁለት ደረጃ ጥርስ ይጨመራል። የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ቮላኖው በነጻ ተገኘ ተብሎ የተጀመረ ፕሬስ በጥርስ ወጪ ያልቃል። ስፋትን የመሰለ ነገር የለም። ውፍረቱ ሳይለወጥ ክቡ ከሰባ ወደ ሰማንያ ሦስት ሴንቲሜትር ቢሰፋ I እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ከ76 ወደ 107 ኪሎ ብቻ ያድጋል።

እስካሁን ያልነው የመካኒክ ስሌት ነው። አብዛኛው የቤት ሥራ ፕሬስ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ባለው፣ በሞተሩ በኩል ነው። ተራ ባለሦስት ፌዝ ሞተር በ50 ኸርዝ መብራት፣ አራት ዋልታ ያለው ከሆነ፣ ያለ ጭነት ወደ 1500 ዙር ይጠጋል፤ ሲጫን ይቀንሳል። ታርጋው ላይ 1400 ተጽፎ ከሆነ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ መቶ ዙር ይቀንሳል ማለት ነው። 1460 ከተጻፈ ደግሞ አርባ ብቻ። አሁን የእኛ ቮላኖ ከ315 ወደ 285 ሲወርድ በቺንጋ የታሰረው ሞተር አብሮ ይወርዳል። አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ፑሊ ብናደርግለት ሞተሩ ከ1500 አካባቢ ወደ 1355 ዙር ይመጣል። 1400 የተጻፈበት አንድ ነጥብ አንድ ኪሎዋት ሞተር፣ ማለትም አንድ ተኩል ፈረስ፣ በዚያ ዙር ላይ ከሙሉ ጭነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይጎትታል፤ ከሰከንዱ ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ይችለዋል። ቮላኖውንም ቀጣዩ ምት ከመድረሱ በፊት ወደ ፍጥነቱ ይመልሰዋል።

1460 የተጻፈበት ሞተር ግን በዚሁ ቮላኖ ይሠቃያል። እሱ አርባ ዙር ሲቀንስ ሙሉ ጭነት ይሸከማል፤ 145 ዙር እንዲቀንስ ሲገደድ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ለመጎተት ይሞክራል፣ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። አዲስና ኢነርጂ ቆጣቢ ሞተር ለፓምፕ መልካም ነው፤ ለፓንች ፕሬስ ግን አሮጌው፣ ዙሩ በቀላሉ የሚወርደው ይሻላል። በውጭ አገር ለፕሬስ ተብለው የሚሠሩ ሞተሮች ሆን ተብሎ በሙሉ ጭነት ከአምስት እስከ አሥራ ሦስት ከመቶ እንዲቀንሱ የሚደረጉት ለዚህ ነው። ጠንካራ ሞተር ብቻ ካለዎት መፍትሔው C ን ከ0.1 ወደ 0.05 ማውረድ ነው፤ ይህም ያን ሰማንያ ሦስት ሴንቲሜትር ክብ ማለት ነው። ሰንጠረዡ 0.1 ይላል ብሎ የሞተሩን ታርጋ ሳያነቡ መሥራት የመጽሐፍ ሰው ስህተት ነው።

የመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ከተማ ሌላም ነገር ያስባል። ቮልቴጅ ሲወርድ የሞተር የማዞር ኃይል በካሬ ይወርዳል። ሰማንያ ከመቶ ቮልቴጅ የሚሰጠው 64 ከመቶ ኃይል ነው። ቀዳዳው የሚበላው ኢነርጂ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ቮላኖው ፍጥነቱን ለማስመለስ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ሠራተኛው ያን ጊዜ ካልሰጠው የመጀመሪያው ምት ደህና ይሆናል፣ ሦስተኛው ይደክማል፣ አምስተኛው ፓንቹን ላሜራው ውስጥ ተቸንክሮ ይተወዋል። መብራቱ በደከመ ቀን በሁለት ሰከንድ አንድ ምት መምታት ይበቃል። ለማስነሳት የሚያስፈልገው ግን አያሳስብም፤ ይህን ቮላኖ ከቆመበት እስከ ሙሉ ፍጥነት ለማድረስ 2500 ጁል፣ በጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል።

የዚህ ፕሬስ ዳርቻ የት ነው? ባለቤቱ ስድስት ሚሊ ስለበሳ አሥር ሚሊም ይሞክራል። ግፊቱ ወደ 22 ቶን ያድጋል፤ አካሉ ይህን ቢችል እንኳ ኢነርጂው በውፍረት ካሬ ነው የሚሄደው። ከአምስት መቶ ጁል ወደ 1400 ገደማ ይዘላል። ቮላኖው ከያዘው ግማሹን ይሰጥና ከ315 ወደ 220 አካባቢ ይወድቃል፤ ሞተሩም ወደ 1060 ዙር ይወርዳል፣ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። አሥር ሚሊ ለመብሳት የታሰበ ከሆነ ከመጀመሪያው በአሥር ሚሊ ይሰላ።

ብዙ ባለሙያዎች የፓንቹን አፍ በማዘንበል ችግሩን ለመፍታት ይሞክራሉ። ያዘነበለ አፍ ላሜራውን ባንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ መቀስ ቀስ በቀስ ስለሚቆርጠው ግፊቱ ይቀንሳል፤ ለፕሬሱ አካል፣ ለኮሎውና ለቢየላው በጣም ጥሩ ነው። የሚቆረጠው ብረት ግን ያው ነው፣ ኢነርጂውም አይቀንስም። ቶን ያነሰው ፕሬስ በማዘንበል ይድናል፤ ቮላኖ ያነሰው አይድንም። ሁለቱን ችግሮች መለየት የሚቻለው በምልክታቸው ነው። ቶን ያነሰው አካሉ ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ብሎኖቹ ይላላሉ። ቮላኖ ያነሰው ዙሩ ይወርዳል፣ ያቃስታል፣ ይቆማል። የደነዘዘ ፓንች ደግሞ ሁለቱንም ያከብዳል፤ ትናንት ደህና የነበረ ፕሬስ ዛሬ መቆም ከጀመረ መጀመሪያ የሚታየው የፓንቹ አፍ ነው።

አንድ ስህተት ብዙ ዘንግ ሰብሯል። ሰው የዘንጉን ውፍረት የሚመርጠው በሞተሩ ነው፤ አንድ ተኩል ፈረስ ስለሆነ ቀጭን ዘንግ ይበቃል ይላል። ሞተሩ በቺንጋው በኩል ለቮላኖው ዘንግ የሚሰጠው 36 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ቮላኖው ግን በቆረጣ ቅጽበት ወደ 500 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ አሥራ አራት እጥፍ። ከቮላኖው እስከ ኮሎው ያለው ሁሉ፣ ዘንጉ፣ ጥርሱ፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ቁልፍ፣ በዚህ መመጠን አለበት። ባዕድ ነገር ገብቶ ፓንቹ ቢቸነከር ደግሞ ቮላኖው የያዘውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያወርድበታል፤ ስለዚህ አንድ ርካሽ ፒን ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ ቢቀመጥ፣ ጥርስ ከመሰበሩ በፊት እሱ ይቆረጣል።

ሥራው ተጠናቆ ሲነሳ ትክክል መሆኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። ገመዱን አቅፎ የሚለካ አምፔር ሜትር ይበቃል። ምት በተመታ ቁጥር መርፌው ይዘላል፤ ጥያቄው ቀጣዩ ምት ከመድረሱ በፊት ወደ ባዶ ዙር ንባቡ ይመለሳል ወይ ነው። ከተመለሰ ቮላኖውና ሞተሩ ተስማምተዋል። ምት በምት እየጨመረ ከወጣ ሞተሩ አነሰ ወይም ምቱ በዛ። ዝላዩ ከታርጋው አምፔር ሁለት እጥፍ ካለፈ ደግሞ ቮላኖው አንሷል። መሣሪያ የሌለው ሰው ድምፅ ይስማ፤ ደህና ፕሬስ በየምቱ ትንሽ ይወርድና መልሶ ይነሳል። ምንም ካልወረደ ቮላኖው ካስፈለገው በላይ ተሠርቷል። ቺንጋው ከጮኸ ወይ ላልቷል፣ ወይ ቮላኖው በተሳሳተ ወገን ተቀምጧል።

የመጨረሻው ነገር ስለ መብራት መቋረጥ ነው፤ በእኛ አገር ይህ ከስሌቱ ውጭ ሊሆን አይችልም። ሞተሩ የሚነሳው መብራት ሲጠፋ ራሱን በሚለቅና ሰው ሳይጫነው በማይመለስ ኮንታክተር ይሁን፤ አለዚያ መብራት በመጣ ቅጽበት ፕሬሱ በራሱ ይነሳል። ኮንታክተሩ ቢለቅም ግን ቮላኖው ይቀጥላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ውስጡ ያለው 2500 ጁል ስድስት ሚሊ ላሜራ ላይ አራት ቀዳዳ ይበሳል። ሞተሩ ዝም ብሏል ብለው እጅዎን ከፓንቹ ሥር አያስገቡ፤ መጀመሪያ ቮላኖው መቆሙን በዓይንዎ ይዩ።